አስተያየቱ ይቆይ ወይስ ይነሳ? ምክንያቱ ከውሳኔው ይቅደም

«የአንድ የአማርኛ ዜና ገጽ አስተያየቶችን የምንቆጣጠር ሦስት ሰዎች ነን። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አለን፤ ከወሰንን በኋላም ምክንያቱን በአንድ መስመር እንጽፋለን። ያም ሆኖ አንዳችን ያጠፋነውን ዓይነት ሌላችን ይለቀዋል፤ ሰዉም ‹የእኔ ለምን ጠፋ፣ የእሱ ለምን ቀረ› ይለናል። ዝርዝሩን እናስፋው ወይስ ምክንያቱን በቅጽ ማድረግ ይሻላል? ቅጹስ ምን ምን ይኑረው?»

ዝርዝሩን ማስፋት አይጠቅማችሁም። የምትለያዩት በዝርዝሩ ያለው ቃል ስላነሰ አይደለም። ቃሉ በምን ዜና ሥር፣ በማን ላይ፣ በማን አቋም እንደተነገረ ሦስታችሁም በየልባችሁ ትመልሳላችሁ፤ መልሱ ግን የትም አይጻፍም። ከውሳኔ በኋላ የሚጻፈው አንድ መስመርም ይህን አያወጣውም። አንድ ሰው «ይጥፋ» ብሎ ከቆረጠ በኋላ የሚጽፈው ነገር ለውሳኔው መከላከያ ይሆናል፤ «ጸያፍ ነው»፣ «ጥላቻ አለበት»፣ «ከገጹ ባህል ጋር አይሄድም» የሚሉ መስመሮች የሚበዙት ለዚህ ነው። እነዚህን ለማንኛውም አስተያየት መለጠፍ ይቻላል። ስለዚህ ቅጹን አዘጋጁ፤ ውሳኔው ግን በቅጹ የመጨረሻው መስመር ላይ ይቀመጥ።

በመጀመሪያ የቃላት ዝርዝሩን ነገር እንጨርስ፤ በአማርኛ የሚሰናከለው በፊደላችን ጠባይ ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ በአናባቢ የሚጀምር ቅጥያ ሲጨመር የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ራሱ ይለወጣል። ዝርዝራችሁ ውስጥ «አረም» ካለ ፍለጋው «አረም» እና «አረምን» ያገኛል፤ «አረሙ»ን እና «አረሞች»ን ግን አያያቸውም፤ «ም» «ሙ» ወይም «ሞ» ሆኗልና። «ጅብ» ብላችሁ «ጅቦች» ያመልጣችኋል፤ በአንጻሩ የሰሜን ተራሮችን ተክል «ጅብራ»ን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ሌባ» ብላችሁ «ሌቦች» ያልፋል። በዚህ ላይ «አ»ን በ«ዐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ»፣ «ሀ»ን በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» የሚጽፈው ሰው ብዙ ነው፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም ጨምሩበት። ሰዎች ማምለጫ ፈልገው ያደረጉት ላይሆን ይችላል፤ አጻጻፋችን ራሱ እንዲህ ነው።

ዝርዝሩን ፈጽሞ አትጣሉት። ሥራው አስተያየቱን ወደ ገምጋሚ ወረፋ ማምጣት ብቻ ይሁን። በዩኒኮድ የአንድ ፊደል ቤተሰብ ተከታትሎ ስለተቀመጠ፣ የመጨረሻውን ፊደል በሙሉ ቤተሰቡ መተካት ቀላል ነው፦

```
[አኣዐዓ]ረ[መ-ሟ]
ጅ[በ-ቧ]
```

የመጀመሪያው «አረም»ን፣ «አረሙ»ን፣ «አረሞች»ን፣ በ«ዐ» የተጻፈውንም ይይዛል። «አረመኔ»ንም ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛውም ያንኑ «ጅብራ» ያመጣል። ወረፋ ውስጥ መግባት ቅጣት እስካልሆነ ድረስ ይህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ይህ ፍለጋ በራሱ እንዲያጠፋ ከተፈቀደለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ዓረፍተ ነገር ልውሰድና በአራት መልኩ ልመርምረው፦ «ይህ አረም ከነሥሩ ካልተነቀለ እረፍት የለንም።»

ዓረፍተ ነገሩ በጣና ሐይቅ ላይ ስለተስፋፋው እምቦጭ በወጣ ዜና ሥር ቢጻፍ የአንድ ገበሬ ወይም ዓሣ አስጋሪ ብሶት ነው። እምቦጭ አረም ነው፤ በእጅም በማሽንም እየተነቀለ ኖሯል። ይፈቀዳል፤ ማንም አይከራከርበትም። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ፊደል ሳይለወጥ፣ ተፈናቅለው በአንድ ከተማ ስለተጠለሉ ሰዎች በወጣ ዜና ሥር ይጻፍ እንበል። ከበላዩ ያለው አስተያየት «የእነ እገሌ ብሔር ሰዎች ቀበሌያችን ገቡ ማለት ነው?» ይላል፤ ይህ የእሱ መልስ ሆኖ መጥቷል። እዚህ «አረም» የተባሉት በብሔራቸው የተጠሩ ሰዎች ናቸው፤ «ይነቀል» የተባለውም የእነሱ መወገድ ነው። አይፈቀድም። አስተያየቱን ብቻ ቆርጦ በወረፋ ያየ ገምጋሚ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። የእናንተ ልዩነት ትልቁ ክፍል ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፦ አንዳችሁ ዜናውን ከፍታችሁ ታነባላችሁ፣ ሌላችሁ ወረፋው ላይ የታየውን ብቻ።

ሦስተኛው መልክ፣ አንድ አንባቢ ከሥር ሆኖ ይመልሳል፦ «‹ይህ አረም ካልተነቀለ› ስትል አታፍርም? ሰዎች እኮ ናቸው።» ቃሉ አለ፣ ዒላማው አለ፣ ዜናውም ያው ነው። ተናጋሪው ግን ቃሉን የጠቀሰው ሊያወግዘው ነው። ይህን ማጥፋት ከባድ ጥፋት ነው፤ ለጥላቻ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥላቻውን ከተናገረው ጋር አብሮ ይጠፋልና በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል። አራተኛው፦ «የቀበሌው አመራር አረም ነው፤ በምርጫ እንንቀለው።» ዒላማው በሥልጣኑ የተጠራ አካል ነው፤ ሥልጣን በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ እንደሚጠራ ማንነት አይጠበቅም። የተጠራው መንገድም ምርጫ ነው። ይፈቀዳል፤ ቢያስቀይምም ይፈቀዳል። «በምርጫ» የሚለው ቀርቶ በምትኩ ቀን፣ ቦታ ወይም መሣሪያ ቢጠቀስ ኖሮ ጉዳዩ ከጥላቻ ደንብ ወጥቶ ወደ ጥቃት ጥሪ ደንብ ይሄድ ነበር፤ የጥቃት ጥሪ ደግሞ ዒላማው ማንም ቢሆን አይፈቀድም።

አራቱን የለያቸው ቃሉ አይደለም። የለያዩአቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አውዱ፣ ዒላማውና የተናጋሪው አቋም። ቅጹ እነዚህን በየተራ የሚያስሞላ መሆን አለበት። ለሁለተኛው ጉዳይ የሚሞላው ይህን ይመስላል፦

```json
{
  "rule_version": 3,
  "context_seen": ["title", "parent"],
  "quote": "ይህ አረም ከነሥሩ ካልተነቀለ",
  "target": "group_ethnic",
  "stance": "own",
  "rule": "2.1",
  "reason": "በበላዩ አስተያየት በብሔር የተጠሩ ሰዎችን አረም ብሎ እንዲወገዱ ይጠይቃል።",
  "verdict": "not_allowed"
}
```

`context_seen` ገምጋሚው ከመወሰኑ በፊት ያነበበውን ይመዘግባል፦ የዜናውን ርዕስ፣ የበላዩን አስተያየት፣ ካስፈለገም ዜናውን ሙሉ። ርዕሱንና የበላዩን አስተያየት ሳያሳይ ወረፋው አስተያየት እንዳያቀርብ አድርጉት፤ ይህን አንድ ነገር ማስተካከል ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል። `quote` ከአስተያየቱ ቃል በቃል የተቀዳ ነው፤ የፊደል ግድፈት ቢኖረውም አይታረምም። ጠቅላላው አስተያየት እንዲቀዳበት አትፍቀዱ፤ ደንቡን የጣሰው ሐረግ ብቻ ይግባ። ገምጋሚው ጣቱን የሚያሳርፍበት ሐረግ ካጣ፣ ያልወደደው የአስተያየቱን ድምፀት ነው ማለት ነው፤ ድምፀት ደግሞ በደንባችሁ አልተከለከለም።

አንዳንዶች ሐረጉን በመቅዳት ፈንታ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቁጥር ያስቀምጣሉ። ለአማርኛ ይህን አልመክርም። «አረም» ሦስት ፊደል ነው፤ በ`UTF-8` ግን 9 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ሦስት ይወስዳልና። አንዱ ፕሮግራም በፊደል፣ ሌላው በባይት ከቆጠረ ምልክቱ ሌላ ቃል ላይ ያርፋል፤ በመካከሉ ኢሞጂ ካለበት ደግሞ ቆጠራው እንደገና ይዛባል። ሐረጉን ራሱን ያዙ፤ ቁጥር ከፈለጋችሁ ኋላ ከሐረጉ ታወጡታላችሁ።

`target` ከተዘጋ ዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፦ በማንነት የተጠራ ቡድን፣ ግለሰብ፣ ባለሥልጣን ወይም ተቋም፣ ሐሳብ ወይም ነገር፣ የማይታወቅ። `stance` ሦስት ምርጫ ይበቃዋል፦ የራሱ ንግግር፣ ለመዘገብ የጠቀሰው፣ ለመቃወም የጠቀሰው። `rule` የተጣሰውን ደንብ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ በዚህ ምሳሌ 2.1 የጥላቻ ደንቡ ነው። አንድ አስተያየት ሁለት ደንብ ሲጥስ የትኛው እንደሚመዘገብ ቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሁለት ገምጋሚዎች በውሳኔው ተስማምተው በቁጥሩ ይለያያሉ፤ ቅሬታ ሲመጣም አንዱ ምክንያት ሌላውን ያፈርሳል። የምመክረው ቅደም ተከተል የጥቃት ጥሪን አስቀድሞ፣ የሰውን ስልክ ወይም አድራሻ ማውጣትን አስከትሎ፣ ከዚያ ጥላቻን፣ የግል ስድብንና ማስታወቂያን በየተራ የሚያደርግ ነው። ከላይ ያለው ከተጣሰ ወደ ታች መውረድ አያስፈልግም።

`reason` አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሌላ አስተያየት ላይ ሊለጠፍ የማይችል መሆን አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አስተያየቱን ሸፍናችሁ ምክንያቱን ብቻ አንብቡት። ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳለ ከገባችሁ ምክንያት ነው። «ጥላቻ ስለሆነ» ብቻ ካገኛችሁ የደንቡን ስም ደገመላችሁ እንጂ ምንም አልነገራችሁም።

ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ለተፈቀደው አስተያየት ባዶ ምክንያት በመስጠት ነው። «ችግር የለበትም» ምክንያት አይሆንም። አስተያየቱ ወረፋ የገባው የሆነ ነገር ስላስነሳ ነው፤ ስለዚህ የተፈቀደበት ምክንያት ቅርቡን ደንብ ጠቅሶ ከደንቡ የጎደለውን መናገር አለበት። ለአራተኛው ምሳሌ «ወደ 2.1 ይቀርባል፤ ዒላማው ግን በሥልጣኑ የተጠራ አመራር ነው፣ በማንነት የተጠራ ቡድን አይደለም» ይባላል። ለሦስተኛው «ሐረጉን የጠቀሰው ለመቃወም ነው»። ይህን ከያዛችሁ «የእሱ ለምን ቀረ» ለሚለው ጠያቂ የምትሰጡት መልስ አላችሁ፤ አሁን የላችሁም።

ውሳኔው ሁለት ብቻ ይሁን፦ ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም። «አጠራጣሪ» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ከሰጣችሁ ገምጋሚው በደከመ ቁጥር ወደዚያ ያዘነብላል፤ በሳምንት ውስጥም ማንም የማይከፍተው ክምር ይሆናል። የከበደው ነገር «ለሁለተኛ ዓይን» ተብሎ ይለፍ፤ ይህ ግን ውሳኔ አይባልም፤ ሌላ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከሁለቱ አንዱን የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ቅጽ ሳያይ ይሙላ፤ አይቶ ከሞላ ይስማማል፤ ስምምነቱም ምንም አያሳይም።

ቅጹ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? ካለፉት አስተያየቶች 200 ውሰዱ፤ ሪፖርት የተደረጉትን ብቻ አትሰብስቡ፣ በዕጣ ይውጡ። ሁለታችሁ ሳትመካከሩ ሙሉት። ውጤቱ እንዲህ ሆነ እንበል፦ 150ውን ሁለታችሁም ፈቀዳችሁ፣ 20ውን ሁለታችሁም ከለከላችሁ፣ 10ሩን የመጀመሪያው ብቻ፣ 20ውን ሁለተኛው ብቻ ከለከለ። ከ200 በ170 ተስማማችሁ፤ 85 በመቶ። ጥሩ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው አስተያየት ጤነኛ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈቅድ ሰውም ብዙ ይስማማል። የመጀመሪያው በጠቅላላው 30፣ ሁለተኛው 40 ከልክለዋል፤ ሁለቱም በዕድል ብቻ ቢወስኑ የሚጠበቀው ስምምነት ይህ ነው፦

```
0.15 × 0.20 + 0.85 × 0.80 = 0.71
(0.85 − 0.71) / (1 − 0.71) = 0.48
```

ይህ የኮኸን ካፓ የሚባለው መለኪያ ነው። 1 ሙሉ ስምምነት ነው፤ 0 ከዕድል የማይሻል። 0.48 ማለት 85 በመቶው አሳሳች ነበር ማለት ነው። እንዲያውም ቢያንስ አንዳችሁ የከለከላችኋቸው 50 ናቸው፤ አብራችሁ የከለከላችሁት ግን 20ውን ብቻ ነው። ሰዉ የሚያማርረው እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ 0.7 እስኪደርስ ደንቡን እንደ ጸና አትቁጠሩት።

የቅጹ ጥቅም የሚታየው እዚህ ጋ ነው። በተለያያችሁባቸው 30 አስተያየቶች ላይ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መጀመሪያ የተለያያችሁበትን መስመር ፈልጉ። ልዩነቱ `context_seen` ላይ ከጀመረ አንዳችሁ አላነበባችሁም፤ ወረፋውን አስተካክሉ። `target` ላይ ከጀመረ ደንቡ ማንን እንደሚጠብቅ በግልጽ አልጻፈም፤ ለምሳሌ ተፈናቃዮች በመፈናቀላቸው ብቻ የተጠበቀ ቡድን ናቸው ወይስ አይደሉም? ደንባችሁ ዝም ካለ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ጻፉት። ልዩነቱ `stance` ላይ ከሆነ ጥቅስን እንዴት እንደምታነቡ በምሳሌ ተስማሙ። ሁሉም መስመር አንድ ሆኖ `verdict` ብቻ ከተለያየ ግን ደንቡ ራሱ ለሁለት ውሳኔ በር ከፍቷል፤ የደንቡን ቃል ለውጡ፣ `rule_version`ንም በአንድ ጨምሩ። የቀድሞው ውሳኔ በቀድሞው ስሪት ይቆይ፤ አዲሱን ደንብ ይዞ የዓመት አስተያየት ማጥፋት ተገቢ አይደለም።

ቅጹ የማይፈታው ነገርም አለ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነን፤ ስድቡን በምስጋና፣ ዛቻውን በተረት የሚያስተላልፍ ሰው ይኖራል። ሰሙ ንጹሕ ሆኖ ወርቁን ገምጋሚው «ያውቀዋል» እንበል። ሌላ ሰው ሊያየው የሚችል ማስረጃ፣ ማለትም ያንኑ ቃል በዚያው ትርጉም የተጠቀመ የበላይ አስተያየት ወይም የጸሐፊው ቀጣይ መልስ ካለ ይጠቀስና ይከልከል። ማስረጃው የገምጋሚው ግምት ብቻ ከሆነ ይፈቀድ፤ የአንዱ ግምት የሌላው ሰው ቅጣት እንዳይሆን። አንዳንድ መርዝ ያመልጣችኋል፤ ይህን ዋጋ መክፈል አለባችሁ። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈን ደግሞ ቋንቋውን በሚገባ የማይናገር ሰው አይወስንበት፤ የማሽን ትርጉም የስድቡን ክብደትም ቀልዱንም ይጥለዋል።

ሌላው ጥንቃቄ ሕጉን ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያቀርብ ድርጅት ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ዓይን የሰጠሁት ገደብም ከዚያ ጋር እንዲገጥም ነው። ይሁን እንጂ `reason` ላይ «ሕግ ጥሷል» ብላችሁ አትጻፉ። አዋጁ ሆን ተብሎ መደረጉን ይጠይቃል፤ ያንን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ለዜና ዘገባ፣ ለትምህርት፣ ለጥበብ ሥራና ለሃይማኖት አስተምህሮም የተለየ ቦታ ሰጥቷል። እናንተ የምትሉት የገጹ ደንብ 2.1 መጣሱን ብቻ ነው።

ለጸሐፊው የሚላከው መልእክትም ከቅጹ ይቀንሳል። የደንቡን ቁጥርና `reason`ን ላኩለት። የተጣሰው የሰው ስልክ ወይም አድራሻ ማውጣት ከሆነ ግን ስልኩ ወይም አድራሻው በ`reason` ውስጥ አይግባ፤ በ`quote` ውስጥም መጨረሻውን በኮከብ ሸፍኑት፤ ቃል በቃል ይቀዳ ያልኩት እዚህ ላይ ብቻ ይቀራል። አለበለዚያ ከገጹ ያነሳችሁትን ቁጥር በራሳችሁ መዝገብ ታከማቻላችሁ።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የቃላት ዝርዝሩ በራሱ የሚያጠፋ ከሆነ አቁሙት፣ ከላይ ያለውን ቅጽ በተመን ሉህም ቢሆን ጀምሩት፣ 200ውን ሙሉና ካፓውን አውጡ። ሦስት ስለሆናችሁ ሁለቱ ይሙሉ፣ ሦስተኛው በልዩነቶቹ ላይ ይፍረድ፤ በየሳምንቱም ተራ ተቀያየሩ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ዳኛ ከሆነ ሁለቱ ደንቡን ትተው የእሱን ምርጫ መገመት ይጀምራሉ፤ ስምምነቱ ይጨምራል፣ ምክንያቱ ግን ይሳሳል።